«በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጥ» ብሎ መጻፍ ኬር ፕላን አይደለም

እንደምን ዋላችሁ። ብዙዎቻችሁ ከዱቲ በቀጥታ እንደመጣችሁ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ቶሎ ወደ ነገሩ ልግባ። ከኋላ የተቀመጣችሁ አስታማሚዎችም አላችሁ፣ የነርስ ቋንቋ ካበዛሁባችሁ እጃችሁን አውጡና አስቁሙኝ።

የማወራው ብዙ ከመተኛት ስለሚመጣ የግፊት ቁስል ነው፣ እሱንም በአንድ ታካሚ ብቻ ነው የማሳያችሁ። የ67 ዓመት እናት ናቸው፣ ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገር ሁሉ አውጥቼ እማማ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ማታ ደህና አምሽተው ተኙ፣ ጠዋት ልጃቸው በሩን ስትከፍት መሬት ላይ ወድቀው አገኘቻቸው፣ ሲሚንቶው ላይ፣ በቀኝ ጎናቸው። ግራ አንጎላቸው ውስጥ የደም ስር ተዘግቶ ነው፣ ስትሮክ። ቀኝ እጅና ቀኝ እግራቸው አይንቀሳቀስም፣ አፋቸው ተይዟል፣ ውሃ ሲቀምሱ ትን ስላላቸው በአፍንጫ የመመገቢያ ቱቦ፣ ኤንጂ ቲዩብ፣ ገባላቸው፣ ሽንት አይቆጣጠሩም። ክብደታቸው ወደ 60 ኪሎ። ኢመርጀንሲ ስትሬቸር ላይ ሲቲ ስካን እስኪነሱና አልጋ እስኪገኝ ድረስ አደሩ፣ ዋርድ የገቡት በማግስቱ ከሰዓት ነው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እኚህ እናት በሦስተኛው ቀን ከመቀመጫቸው በላይ ያለው አጥንት ላይ ሐምራዊ ነገር ቢወጣባቸው ቁስሉን ማን አመጣው? ሁላችንም አፋችን ላይ የሚመጣው «የሌሊቱ ሺፍት ሳያገላብጥ አድሮ ነው» የሚለው ነው። እኔም በሥራ መጀመሪያ ዓመቴ እንደዛ ብዬ ነበር፣ የሌሊት ተረኛዋን ጓደኛዬን ሰው ፊት ወቀስኳት፣ እሷ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስታገላብጥ ነበር ያደረችው፣ በኋላ ቻርቱን ሳየው ነው የገባኝ። ጥልቀት ያለው የግፊት ጉዳት፣ ዲፕ ቲሹ ኢንጀሪ የምንለው፣ ከላይ ከቆዳው አይጀምርም፣ ከታች አጥንቱ አጠገብ ካለው ጡንቻ ነው የሚጀምረው፣ ቆዳው ላይ ብቅ የሚለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ቆይቶ ነው። ማለትም የሦስተኛው ቀን ቁስል የተሠራው የመጀመሪያው ቀን ነው፣ ሲሚንቶው ላይ ወይ ስትሬቸሩ ላይ። ያቺን ጓደኛዬን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፣ ግን ዛሬም ድረስ ይከነክነኛል።

ስለዚህ ፕላኑ የሚጀምረው በጥያቄ ነው። ስትሮክ ያለበት ሰው ሲገባ ደም ግፊቱን ስኳሩን እንጠይቃለን፣ «መሬት ላይ ስንት ሰዓት ቆዩ፣ በየትኛው ጎናቸው ተኝተው ነበር ያገኛችኋቸው» ብለን ግን ብዙዎቻችን አንጠይቅም። የእማማ ልጅ ስትጠየቅ በቀኝ ጎን አለች። ከዛች ደቂቃ ጀምሮ ቀኝ ዳሌያቸው፣ ቀኝ ትከሻቸውና ቀኝ ጆሮአቸው ተጠርጣሪ ነው፣ ቆዳው ደህና ቢመስልም ሦስት ቀን ሙሉ እዛ ላይ ማስተኛት አያስፈልግም። ይሄ ቻርቱ ላይ በግልጽ ተጻፈ፣ «እስከ ሦስተኛው ቀን ቀኝ ጎን አይተኙ» ተብሎ።

ቀጥሎ የግፊት ቁስል አደጋን የሚለካውን ብሬደን ስኬል ሠራንላቸው። ስኬሉን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ሁለት የአሜሪካ ነርሶች ያዘጋጁት ነው፣ ስድስት ነገር ይጠይቃል፣ ድምሩ ከ6 እስከ 23 ነው፣ ነጥቡ ባነሰ ቁጥር አደጋው ይጨምራል። ግን ቁጥሩን ደምሮ ቻርት ላይ ለጥፎ መሄድ ምንም አይጠቅምም፣ የሚጠቅመው ነጥቡ የት ላይ እንደወረደ ማየት ነው። የእማማን እንየው። ስሜት 2፣ ሲያማቸው ያቃስታሉ እንጂ የት እንደሆነ መናገር አይችሉም። እርጥበት 2፣ አንሶላው በየሺፍቱ ቢያንስ አንዴ ይቀየራል። እንቅስቃሴ 1፣ ከአልጋ አይወርዱም። አልጋ ላይ ራሳቸውን ማንቀሳቀስ 2፣ በግራ እግራቸው ትንሽ ይገፋሉ። ምግብ 2፣ በቲዩብ የሚገባው ገና አልበቃም። ፍትጊያና መንሸራተት 1፣ ወደ ላይ ሲሳቡ ሙሉ በሙሉ በሰው ነው፣ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ወደ ታች ይንሸራተታሉ። ድምሩ 10 ነው። ከ10 እስከ 12 ከፍተኛ አደጋ ይባላል፣ 9 እና ከዛ በታች ደግሞ በጣም ከፍተኛ። አሁን ከስድስቱ ውስጥ እኛ በእጃችን ልንለውጠው የምንችለው የትኛውን ነው? ሽባነቱን ዛሬ አንለውጠውም፣ አፋቸውንም ዛሬ አንፈታውም። እርጥበቱን፣ ምግቡንና መንሸራተቱን ግን ዛሬውኑ መለወጥ እንችላለን። ፕላኑ የሚጻፈው እዛ ላይ ነው።

አሁን ወደ ርዕሴ ልምጣ። ብዙ ኬር ፕላን ላይ «በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጥ» የሚል አንድ መስመር አለ፣ ካለፈው ታካሚ ቻርት የተገለበጠ ነው፣ ማን እንደሚያገላብጥ አይልም፣ ከየት ወደየት አይልም፣ ከምግቡ ጋር እንዴት እንደሚሄድ አይልም። እንደዚህ አይነት መስመር ሲነበብ ሰው የሚያደርገው ነገር ጀርባ፣ ቀኝ፣ ጀርባ፣ ግራ፣ ጀርባ ነው። ቁጠሩት፣ ከቀኑ ግማሹን ጀርባ ላይ ናቸው፣ በጣም የሚያሰጋን ቦታ ደግሞ ራሱ ጀርባ ነው።

ስትሮክ ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ግጭት አለ። እማማ መዋጥ ስለማይችሉ ምግብ ሲገባላቸው አልጋው ከራስጌ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ ማለት አለበት፣ ካበቃም በኋላ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት እንደዛው መቆየት አለባቸው፣ አለበለዚያ ምግቡ ተመልሶ ሳንባ ይገባል። ቆዳ ደግሞ የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው፣ ራስጌው ከፍ ባለ ቁጥር ሰውነት ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ቆዳው አንሶላው ላይ ተጣብቆ ይቀራል አጥንቱ ግን ወርዷል፣ በመሃል ያሉት ጥቃቅን የደም ስሮች ተስበው ይታጠፋሉ። ሺር የሚባለው ይሄ ነው። እጃችሁን ጠረጴዛ ላይ አጥብቃችሁ አስቀምጡና ክንዳችሁን ወደፊት ግፉት፣ መዳፋችሁ ሳይነቃነቅ ቆዳው ሲሳብ ይሰማችኋል አይደል? እሱ ነው፣ በሰው ሙሉ ክብደት፣ ለሰዓታት።

ከሁለቱ አንዱን መርጦ ሌላውን መተው አይቻልም፣ ሳንባውም ያስፈልጋል ቆዳውም ያስፈልጋል። እኛ ያደረግነው ሰዓቱን በምግቡ ላይ መሥራት ነው። እማማ ቀን ቀን በየአራት ሰዓቱ ነው በቲዩብ የሚመገቡት፣ ጠዋት 1፣ 5፣ 9፣ ማታ 1 እና ሌሊት 5 ሰዓት። ታዲያ ጀርባቸው ላይ የሚሆኑት በምግብ ሰዓት ብቻ ይሁን አልን። ከ1 እስከ 2 ሰዓት ራስጌው ከፍ ብሎ ጀርባ፣ ምግቡ ወደ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፣ ቀሪው ማቆያ ነው። ከ2 እስከ 3 በቀኝ፣ በታመመው ጎን። ከ3 እስከ 5 በግራ፣ በደህናው ጎን። ከዛ እንደገና ምግብ፣ እንደገና ጀርባ። አንድ፣ አንድ፣ ሁለት። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ምግብ ስለሌለ የጀርባው ተራ ላይ ራስጌው ትንሽ ብቻ ነው ከፍ የሚለው። የቀኙ ተራ አንድ ሰዓት ብቻ የሆነው በዛ ጎን ስሜት ስለሌላቸው ነው፣ ቢያማቸው እንኳን አያቃስቱም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ደግሞ እንዳልኳችሁ ቀኝ የሚባል አልነበረም፣ ግራና ጀርባ ብቻ ስለቀረ በየሰዓቱ ነበር የምንቀያይረው፣ ከባድ ነው፣ ሁለት ነርስ ለሠላሳ ታካሚ በሆነበት ዋርድ በየሰዓቱ መድረስ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ያለ ልጃቸው አይሆንም ነበር። ለዚህም ነው ፕላኑ ላይ ስም ያለው፣ ቀን የነርስ ተራ የትኛው ነው የልጅቷ ተራ የትኛው ነው ተብሎ ተጽፎ ራስጌያቸው ግድግዳ ላይ በፕላስተር ተለጠፈ፣ በኛ ሰዓት አቆጣጠር፣ በአማርኛ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበትን 30 ዲግሪ ላሳያችሁ። ማንም ሰው በዓይኑ 30 ዲግሪ አያውቅም፣ ሠላሳ ነው ብለው ያስቀመጡት ሲለካ ሃምሳ ይሆናል። ቀላል መንገድ አለ። የአልጋው የሚነሳው የጀርባ ክፍል ርዝመቱን በሜትር ለኩት፣ ለምሳሌ 80 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የራስጌው ጫፍ ከተኛበት ቦታ 40 ሳንቲ ሜትር ሲነሳ በትክክል 30 ዲግሪ ነው። የርዝመቱ ግማሽ፣ ሁልጊዜ። አንዴ ለክታችሁ አልጋው አጠገብ ግድግዳው ላይ ወይም ስታንዱ ላይ ፕላስተር ለጥፉ፣ ከዛ በኋላ አስታማሚውም ጽዳት ሠራተኛዋም ማዞሪያውን እስከዛ ነው የምታዞረው። ደግሞ ቅደም ተከተሉን አትርሱ፣ መጀመሪያ ጉልበት ከዛ ራስጌ። አልጋው የጉልበት ማንሻ ከሌለው ብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ከጭናቸው ስር አስገቡ፣ እሱ ነው እንዳይንሸራተቱ የሚይዛቸው። ራስጌው ከተነሳ በኋላ ደግሞ ሁለት ሰው ሆናችሁ ትከሻቸውን ለአፍታ ከፍራሹ ወደፊት አንሱና መልሱ፣ ያን ጊዜ የተሳበው ቆዳ ይላቀቃል። አምስት ሰከንድ አይፈጅም፣ ግን ሰው አያደርገውም።

ጎን ማስተኛት ላይም ያው 30 ዲግሪ ነው። ሙሉ በሙሉ በጎን፣ ቀጥ አድርጎ ማስተኛት ትክክል አይደለም፣ ክብደቱ በሙሉ በዳሌ ጎን ባለችው ጎላ ያለች አጥንት ላይ ያርፋል፣ እዛ ደግሞ ሥጋ የለም። ዘንበል ብቻ ነው የምናደርጋቸው፣ ከትከሻ እስከ መቀመጫ ድረስ ትራስ ወይም የተጠቀለለ ጋቢ ከኋላ ገብቶ። ጋቢ ከብዙ ትራሶች ይሻላል፣ ለስላሳ ነው ግን አይጨፈለቅም። ልክ መሆኑን የምታውቁት በእጃችሁ ነው፣ መዳፋችሁን ከመቀመጫ በላይ ካለው አጥንት ስር አስገቡ፣ በነጻነት ከገባ አጥንቱ ከፍራሹ ተነስቷል፣ ከተያዘባችሁ አልተነሳም፣ ጋቢውን አስተካክሉ። ከላይኛው እግር ስር ሌላ ትራስ፣ ጉልበት ከጉልበት ቁርጭምጭሚት ከቁርጭምጭሚት እንዳይነካካ። እማማ በታመመው ቀኝ ጎን ሲተኙ ቀኝ ትከሻቸው ወደፊት ወጣ ማለት አለበት፣ ከደረታቸው ስር ታጥፎ አይቀር። እባካችሁ ደግሞ ስታነሷቸው በዛ እጅ አትጎትቱ፣ ጡንቻው ስለላላ ትከሻው ከቦታው ይወልቃል፣ በኋላ ፊዚዮቴራፒ ሲጀመር በዛ ህመም ምክንያት እጃቸውን ማስነካት እንቢ ይላሉ።

ወደ ራስጌ ሲሳቡ ድሮው ሺት ነው። ከትከሻ እስከ ጭን የሚደርስ የታጠፈ አንሶላ፣ መጀመሪያ ራስጌው ዝቅ ይላል፣ ሁለት ሰው ከሁለት ጎን ዳር ዳሩን ወደ ሰውነታቸው ጠጋ አድርጎ ይጠቀልላል፣ አንድ ሁለት ሦስት ተብሎ ይነሳል፣ ይነሳል እንጂ አይጎተትም። ብብት ይዞ መጎተት ለትከሻውም ለጀርባ ቆዳውም ጥፋት ነው።

ተረከዝ። ትራሱ በርዝመቱ ከባታቸው ስር ይሆናል፣ ተረከዙ ከትራሱ ጫፍ ወጥቶ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ጉልበት ትንሽ ታጠፍ ብሎ። ትራሱን በአግድም ቁርጭምጭሚት ስር ካደረጋችሁት ግፊቱ ወደ ተረከዝ ጅማቱ ዞረ እንጂ አልቀነሰም። ጓንት ውሃ ሞልቶ ተረከዝ ስር ማድረግ በየዋርዱ ይታያል፣ አይሠራም፣ ቦታው ትንሽ ስለሆነ ግፊቱን አያከፋፍልም። የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ነፍቶ እላዩ ማስቀመጥም እንደዛው ነው፣ መሃሉን ነጻ ያወጣል ዙሪያውን ግን ያንቃል፣ ደም ወደ መሃሉ እንዳይደርስ ያደርጋል። ይሄን ቤተሰብ ከቤት በስንት ፍቅር ነው ይዞት የሚመጣው፣ ስለዚህ በቁጣ አትመልሱት፣ ለምን እንደማይሆን አስረዱና ያንን ጋቢ ጥቅል አሳዩአቸው።

አሁን ቆዳውን ማየት። መጽሐፉ መቅላት ፈልጉ ይላል፣ በጣት ጫኑት፣ ነጣ ካለ ደህና ነው፣ ካልነጣ አንደኛ ደረጃ ነው ይላል። የኛ ሰው ቆዳ ላይ ግን መቅላቱም መንጣቱም ላይታይ ይችላል። ብዙዎቻችን «ቆዳ ደህና» ብለን የምንፈርመው ያልቀላ ስለመሰለን ነው፣ ከዛ በድንገት ተቀዶ እናገኘዋለን። ስለዚህ ሌላ ነገር ነው የምንፈልገው። ጥሩ ብርሃን ያስፈልጋል፣ መጋረጃ ክፈቱ ወይም የስልካችሁን መብራት አብሩ። ከዙሪያው ቆዳ ጋር አወዳድሩ፣ ጠቆር ያለ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ፣ የሚያብረቀርቅ አለ ወይ? ከዛ እጃችሁን ታጠቡና በእጃችሁ ጀርባ ንኩት፣ ከጎኑ ካለው ቆዳ ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል? በጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ንኩት፣ ጠንከር ብሏል ወይስ እንደ በሰለ ቲማቲም ለስልሷል? እማማ ግራ ጎናቸው ላይ ስትነኩ ፊታቸው ይጨማደዳል ወይ? እነዚህ ከቀለሙ ቀድመው ይመጣሉ።

ምልክት ካገኛችሁ አታሹት። እኛ ስንማር የጀርባ ማሸት በስፒሪትና በፓውደር ነበር የተባልነው፣ ስፒሪቱ ቆዳውን ያደርቃል፣ ማሸቱ ደግሞ ከስር የተጎዳውን ይበልጥ ይቀደዋል። ሰውነቱን ከዛ ቦታ ላይ አንሱና ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ተመልሳችሁ እዩት። ምልክቱ ጠፍቶ ከሆነ የተኙበት ሰዓት ልክ ነበር። ካልጠፋ ሰዓቱ ረዝሞባቸዋል ማለት ነው፣ ያ ጎን እስኪድን ድረስ ከተራው ይወጣል፣ ሲመለስም ባጠረ ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት የሚባለው ቁጥር መነሻ ነው እንጂ ለሁሉም ሰው የሚሆን ልክ አይደለም፣ ጥሩ ስፖንጅ ወይ የአየር ፍራሽ ላይ ያለ ሰው ሊቆይ ይችላል፣ ያረጀ የጥጥ ፍራሽ ላይ ያለ ሰው ደግሞ አንድ ሰዓትም ይበዛበታል፣ ልኩን የሚነግራችሁ የሰውየው ቆዳ ነው። የአየር ፍራሽ አለ ተብሎም መገላበጥ አይቀርም፣ መብራት ሲጠፋ የሚተነፍስም አለ፣ ስለዚህ መብራት በጠፋ ቁጥር እጃችሁን ከፍራሹ ስር አስገብታችሁ አጥንቱ እንዳልወረደ እዩ።

ስለ እርጥበት ባጭሩ። በእያንዳንዱ መገላበጥ ላይ ዳይፐሩ ይታያል፣ ለብቻው ሰዓት ከተሰጠው ይረሳል። በቀላል ሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ ጠብ ጠብ እየተደረገ ይደርቃል፣ አይፈተግም፣ ከዛ ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ቫዝሊን ስስ አድርጎ። ማኪንቶሹ፣ ላስቲኩ አንሶላ፣ በቀጥታ ቆዳ ስር አይሁን፣ ያልባል፣ እላዩ ላይ የጥጥ ጨርቅ ይደረግ። ደግሞ የሽንት ቱቦ፣ ካቴተር፣ ለዚህ ብቻ ተብሎ አይገባም፣ ኢንፌክሽን ያመጣልና። እማማ ቤተሰባቸው ጠበል ያመጣላቸው ነበር፣ ጠዋት ጠዋት ይረጯቸዋል፣ እኛም እሱ ካበቃ በኋላ አንሶላውን ቀየርን በቃ፣ ከማንም ጋር መጣላት አላስፈለገም። ሽንት ያቀላው ቆዳና ግፊት ያቆሰለውን ቆዳ ግን ለዩ፣ የሽንቱ ሰፋ ብሎ እጥፋቶች ውስጥ ይገባል ዳሩም አይለይም፣ የግፊቱ ግን አጥንት ላይ ቁጭ ያለ ነው፣ ለአንዱ ክሬም ለሌላው ክብደት ማንሳት ነው መድኃኒቱ።

ምግቡ። እማማ በቲዩብ የሚገባላቸው ቀጭን አጥሚት ነበር፣ በየጊዜው 250 ሚሊ። ሆዳቸው ይሞላል፣ ቆዳውን የሚጠግነው ፕሮቲን ግን እምብዛም የለውም። ቁስል ለሚያሰጋው ሰው የሚመከረው በቀን በኪሎ ከ1.25 እስከ 1.5 ግራም ነው፣ ለ60 ኪሎ ቢያንስ 75 ግራም ማለት ነው። ከልጅቷ ጋር ቁጭ ብለን ቆጠርነው። አምስቱም ጊዜ በአጥሚቱ ፋንታ ወተት ቢሆን በ250 ሚሊ ወደ 8 ግራም፣ ድምሩ 40። ሦስት የተቀቀለ እንቁላል ተፈጭቶ ተጠልሎ ሲገባበት ወደ 18 ይጨምራል፣ 58 ደረስን። ቀሪውን በ70 ግራም የዱቄት ወተት ሞላነው፣ ቀኑን ሙሉ ተከፋፍሎ። ኩላሊት ወይ ስኳር ላለበት ሰው ይሄ ሂሳብ ከሐኪሙና ከአመጋገብ ባለሙያው ጋር ነው የሚሠራው፣ እማማ ሁለቱም አልነበረባቸውም። በደንብ አጥልሉት፣ ቲዩቡ ከተደፈነ እንደገና ማስገባት ለሳቸው ስቃይ ነው፣ ከምግብ በፊትና በኋላም ውሃ ይገፋበታል። ቲዩቡ የሚነካው አፍንጫ ጫፍም ቆዳ ነው፣ ፕላስተሩ በየቀኑ ቦታው ይቀያየር።

አንድ አስቸጋሪ ነገር ልናገር። ዘመድ ሊጠይቅ ይመጣል፣ እማማ ተኝተዋል፣ እኛ ልናገላብጥ እንመጣለን፣ «ኧረ ሲስተር ተያቸው፣ አሁን ነው እንቅልፍ የወሰዳቸው፣ ይረፉበት» ይላሉ። ከፍቅር ነው፣ ግን ያቺ ሰዓት ሁለት ሰዓት ትሆናለች፣ ሁለቱ አራት። ልጃቸውን አንድ ቀን «ነይ እጅሽን እዚህ ስር አስገቢ» አልኳት፣ እናቷ ጀርባቸው ላይ እንዳሉ። እጇን ከመቀመጫ አጥንቱ ስር አስገባችና ትንሽ ቆይታ አወጣችው፣ ጣቶቿ ላይ የአንሶላው ሽብሽብ ታትሞ ነበር። «ይሄ ሁሉ ክብደት እዚህች ላይ ነው እንዴ?» አለች። ከዛ በኋላ ዘመዶቹን እሷ ነበረች የምታስረዳው፣ እኛ መናገር አላስፈለገንም።

ሦስተኛው ቀን ላይ ቀኝ ዳሌያቸውን በስልክ መብራት አየነው፣ ዳሰስነው፣ ምንም የለም። አራተኛው ቀን ቀኝ ጎን ወደ ተራው ገባ። በስድስተኛው ሌሊት ግን ያልጠበቅነው ቦታ ላይ መጣ፣ ግራ ተረከዝ፣ በደህናው እግር። የሌሊቷ ነርስ ስትነካው ይሞቃል፣ ለስለስ ብሏል፣ በቀለም ምንም አይታይም። ለምን መሰላችሁ? እማማ እየተሻላቸው ነበር፣ ወደ ታች ሲንሸራተቱ በደህናው እግራቸው ፍራሹን እየገፉ ራሳቸውን ወደ ላይ ለመመለስ ይሞክራሉ፣ ተረከዛቸው አንሶላውን እየፈተገ። እኛ ደግሞ ሁሉንም ጥንቃቄ በታመመው ጎን ላይ አድርገን ግራውን እግር «ደህና ነው፣ ራሳቸው ያንቀሳቅሱታል» ብለን ትራሱን ለቀኝ እግር ብቻ ነበር የምናደርገው። ያንን ሌሊት ፕላኑ ተቀየረ። ለሁለቱም እግር ትራስ፣ ካልሲ ለፍትጊያው፣ ካልሲው ደግሞ በየሺፍቱ ወልቆ ተረከዙ ይታያል። የጭን ስር ጥቅሉም ከፍ አለ፣ መጀመሪያውኑ እንዳይንሸራተቱና መግፋት እንዳያስፈልጋቸው። በሦስት ቀን ውስጥ ሙቀቱም ልስላሴውም ጠፋ፣ ቆዳው ሳይቀደድ።

ብሬደኑን በየቀኑ ነበር የምንሠራው። በአስራ አራተኛው ቀን 14 ሆነ፣ ምግቡ 3 ገባ፣ እርጥበቱ 3፣ ፍትጊያው 2፣ ስሜቱም 3፣ «እዚህ» ብለው በግራ እጃቸው መጠቆም ስለጀመሩ። አሁንም አደጋ ውስጥ ናቸው፣ 13 እና 14 መካከለኛ ነው የሚባለው፣ ግን ቤት መግባት ይችላሉ ተባለ።

እና የቤቱ ፕላን ሌላ ነበር የሚሆነው፣ የዋርዱን ገልብጦ መስጠት አይቻልም፣ ቤታቸው ማዞሪያ ያለው አልጋ የለም። ልጅቷን ስለ አልጋው ርዝመት፣ ስለ ፍራሹ፣ ማታ ከሳቸው ጋር ማን እንደሚተኛ ጠየቅናት። ወንድሟ አናጺ ጋር ሄዶ 70 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰሌዳ አሠራ፣ ከፍራሹ ስር ገብቶ ራስጌው ጫፍ በሁለት እንጨት እግር 35 ሳንቲ ሜትር ላይ የሚቆም፣ ምግብ ሲያበቃና ሰዓቱ ሲደርስ እግሮቹ ይታጠፋሉ። ሰዓቶቹን ስልኳ ላይ አላርም አድርጋ ሞላች፣ አላርሙ ስም አለው፣ አንዱ «ጀርባ» ይላል፣ አንዱ «ቀኝ»፣ አንዱ «ግራ»። ሊወጡ የተነሱ ቀን ጠዋት አምቡላንስ ውስጥ እናቷን ካስተኛን በኋላ ልጅቷ ጋቢውን ጠቅልላ ከጀርባቸው አስገባችና ማንም ሳይነግራት መዳፏን ከአጥንቱ ስር አስገብታ አየች፣ ትንሽ ሳብ አደረገችውና እንደገና አስገብታ አየች፣ ከዛ ነው ለሹፌሩ «እንሂድ» ያለችው።

ጥያቄ ካላችሁ እንቀጥል፣ ጋቢውን ይዤ መጥቻለሁ፣ እዚህ አልጋ ላይ ተኝቶ የሚሞከርበት አንድ ሰው ይምጣልኝ።